ከ284,807 ግብይቶች 492ቱ፦ ስለ ክላስ አለመመጣጠን ጥያቄና መልስ

የባንክ ዳታ ተንታኝ፦ በሰፊው በሚታወቀው የአውሮፓ የካርድ ግብይት ዳታ ላይ የተጭበረበሩ ግብይቶችን የሚለይ ሞዴል አሠልጥኜ አኩራሲው 99.8 በመቶ ሆነ። አለቃዬ ግን አልተደነቁም። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ አለቃዎ ያልተደነቁት በትክክል ነው። ያ ዳታ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 በሁለት ቀናት ውስጥ የተካሄዱ 284,807 ግብይቶችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ የተጭበረበሩት 492 ብቻ ናቸው፤ አንዱ ክላስ ከሌላው እንዲህ በጣም ሲያንስ ነው ክላስ አለመመጣጠን የሚባለው። ስለዚህ ምንም ሳይማር ሁሉንም «ንጹሕ» ብሎ የሚያሳልፍ ፕሮግራም 99.83 በመቶ ያገኛል። ለአለቃዎ ሁለት ቁጥሮች ይውሰዱላቸው፦ ከተጭበረበሩት ውስጥ ስንቱን ያዝን፣ ከያዝናቸውስ ውስጥ ስንቱ በእርግጥ የተጭበረበረ ነው። የመጀመሪያው ሪኮል፣ ሁለተኛው ፕሪሲዥን ነው፤ አኩራሲን ግን ከሪፖርቱ ቢያወጡት ምንም አይጎድልበትም።

የድህረ ምረቃ ተማሪ፦ በዚሁ ዳታ በሎጂስቲክ ሪግሬሽን `class_weight="balanced"` ስጠቀም ሪኮሉ ወደ 92 በመቶ ወጣ፣ ፕሪሲዥኑ ግን 6 በመቶ ላይ ወደቀ። ሞዴሉ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ የጠየቁትን ነው የሠራልዎ። ከዳታው አንድ አምስተኛውን ለፈተና ለይተው ከሆነ፣ በውስጡ 98 የተጭበረበሩና 56,864 ንጹሕ ግብይቶች ይገኛሉ። እርስዎ ያገኙት ውጤት፣ ከ98ቱ 90ውን ይዞ ከእነሱ ጋር 1,410 ያህል ንጹሕ ግብይቶችን እንደጠረጠረ ሞዴል ነው። 90 ለ1,500 ሲካፈል 6 በመቶ ይሆናል።

ምክንያቱ የሚገኘው `class_weight="balanced"` ለተጭበረበሩት በሚሰጠው ክብደት ላይ ነው። የንጹሑ ብዛት ለተጭበረበረው ብዛት ሲካፈል 578 ገደማ ስለሚመጣ፣ ሎሱ፣ ማለትም የሞዴሉ የስሕተት መለኪያ፣ አንድን የተጭበረበረ ግብይት እንደ 578 ይቆጥረዋል፤ ሞዴሉም ማጭበርበር ከንጹሑ አንጻር በእውነተኛው ዓለም ካለው ይልቅ 578 እጥፍ የተለመደ እንደሆነ አድርጎ ይማራል። ስለዚህ የሚሰጥዎ ቁጥር እውነተኛ ፕሮባቢሊቲ አይደለም። ወደ እውነተኛው የሚመልሰው ይህ ነው፤ `q` ሞዴሉ ያወጣው ቁጥር፣ `w` ደግሞ ክብደቱ ነው፦

```python
p = q / (q + w * (1 - q))
```

በ`q` ቦታ 0.5 ቢያስገቡ ውጤቱ 0.0017 ይሆናል። ይህም በዳታው ውስጥ ያለው የማጭበርበር ድርሻ ራሱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በ0.5 ሲቆርጡ ከአማካዩ ጥቂት ከፍ ያለ ጥርጣሬ ያለበትን ሁሉ ያዝ ብለውታል ማለት ነው። 0.99 የሚል ቁጥር እንኳ ሲመለስ 15 በመቶ ገደማ ነው። የመቁረጫ ነጥቡን ወደ 0.99 ወይም ከዚያ በላይ ሲያነሡት ፕሪሲዥኑ በብዙ ይሻሻላል፤ ሪኮሉ የሚቀንሰውን መጠን ደግሞ ዳታው ይነግርዎታል።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ ልግባና፣ ታዲያ ክብደትም ሆነ ሪሳምፕሊንግ ትርጉም የለውም ማለት ነው። ነጥቡን ማንቀሳቀስ ብቻ ይበቃል።

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ሞዴሉ ዳታውን በበቂ ሁኔታ መግለጽ የሚችል ከሆነና ስልጠናው በሰላም ከተጠናቀቀ፣ ክብደት መስጠትም፣ ከንጹሖቹ አብዛኛውን መጣልም፣ የተጭበረበሩትን መደጋገምም በአመዛኙ ነጥቡን እንደ ማንቀሳቀስ ናቸው። ከንጹሖቹ ከ578 አንዱን ብቻ ካስቀሩ፣ ከላይ ያለው ቀመር ሳይለወጥ ይሠራል።

ልዩነቱ የሚታየው በስልጠናው መንገድ ላይ ነው። የነርቭ መረብ በየባቹ 256 ግብይት እየሰጡ ቢያሠለጥኑ፣ በአንድ ባች ውስጥ በአማካይ ከግማሽ ያነሰ የተጭበረበረ ግብይት ይኖራል፤ ከሦስት ባቾች በሁለቱ ገደማ አንድም የለም። እንግዲህ በክብደት ብቻ ከሄዱ፣ ብዙ እርምጃ በጸጥታ ከተጓዘ በኋላ ድንገት በ578 የተባዛ ግራዲየንት ይመጣል። የሎሱ መስመር በየመሀሉ ሹል ጫፍ እያወጣ ሲዘል ካዩ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። በየባቹ ጥቂት የተጭበረበሩ እንዲገቡ አድርጎ ናሙና መውሰድ መንገዱን ያለሰልሳል። እኔ ለነርቭ መረብ ሪሳምፕሊንግን፣ ለሎጂስቲክ ሪግሬሽን ደግሞ ቀላል ክብደትን እመርጣለሁ፤ 578ን እንዳለ መስጠት ግን የግድ አይደለም፣ 10 ወይም 20 ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጀማሪ፦ እኔ ዳታውን በ`SMOTE` አመጣጥኜ ከዚያ ለስልጠናና ለፈተና ስከፍለው ፕሪሲዥኑ 97 በመቶ ሆነ። እናንተ ለምን በ6 ትቸገራላችሁ?

መልስ፦ ሁለት ነገሮች ተደራርበዋል። `SMOTE` አዲሱን ነጥብ የሚፈጥረው በሁለት ጎረቤት የተጭበረበሩ ግብይቶች መካከል ስለሆነ፣ ከመክፈልዎ በፊት ሲጠቀሙበት የስልጠናው ዘመዶች ፈተናው ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ይበልጥ ያስታል፦ የፈተናዎ ግማሹ የተጭበረበረ ሆኗል። ከላይ ያለው ባለ6 በመቶ ሞዴል ከንጹሖቹ በስሕተት የሚይዘው 2.5 በመቶ ያህሉን ነው። ያንኑ ሞዴል፣ ምንም ሳይነኩት፣ እኩል በተመጣጠነ ፈተና ላይ ቢለኩት ፕሪሲዥኑ 97 በመቶ ይወጣል። የተለወጠው ሞዴሉ አይደለም፤ የሚለካበት ሕዝብ ነው። መጀመሪያ ይክፈሉ፣ የስልጠናውን ክፍል ብቻ ያመጣጥኑ፣ ፈተናውን እንደ ተፈጥሮው ይተዉት።

የቋንቋ ተመራማሪ፦ የእኔ ዳታ የአማርኛ የጥላቻ ንግግር ነው፤ ምልክት ያደረጉት ሰዎች በብዙ አረፍተ ነገር አይስማሙም። ፎካል ሎስን በጋማ 2 ስሞክር ውጤቱ ከተራው ሎስ ባሰ።

መልስ፦ ፎካል ሎስ በ2017 ከ`RetinaNet` ጋር ሲቀርብ የታሰበው በምስል ውስጥ ዕቃ ለመለየት ነበር። እዚያ በአንድ ምስል ላይ ወደ 100,000 የሚደርሱ እጩ ሳጥኖች ይመዘናሉ፤ አብዛኞቹም በቀላሉ የሚታወቅ ባዶ ዳራ ናቸው። ሎሱ የሚያየው ምሳሌው ብርቅ መሆኑን ሳይሆን ለሞዴሉ አስቸጋሪ መሆኑን ነው፤ ጋማ ሲጨምር ቀላሎቹ ይበልጥ ይናቃሉ። ለትክክለኛው ክላስ 0.9 የተሰጠው ምሳሌ ሎሱ በጋማ 2 መቶ ጊዜ ሲቀንስ፣ 0.1 የተሰጠው ግን ከአንድ አምስተኛ በታች ብቻ ይቀንሳል። በስሕተት ምልክት የተደረገበት አረፍተ ነገር ደግሞ ለሞዴሉ ሁልጊዜ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ትኩረቱ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል።

በእርስዎ ዳታ ይህ መሆኑን ለማወቅ፣ ሎሳቸው ከሁሉ የሚበልጠውን 100 የስልጠና አረፍተ ነገሮች አውጥተው ራስዎ ያንብቡ። አብዛኞቹ አከራካሪ ወይም የተሳሳቱ ከሆኑ ጋማን ወደ 0.5 ያውርዱ ወይም ፎካል ሎስን ይተዉት። አከራካሪዎቹን ማስወጣት ይሻል እንደሆነ ግን እርግጠኛ መልስ የለኝም፤ ምናልባት የጥላቻ ንግግር ትክክለኛ ድንበሩ እነሱ ናቸው።

ሌላ ጠያቂ፦ ከአዲስ አበባ ውጪ ያሉ ደንበኞች በዳታዬ ጥቂት ናቸው። ለእነሱም ክብደት ልስጥ?

መልስ፦ ያ የክላስ ሳይሆን የደንበኞች ስብጥር አለመመጣጠን ነው። መጀመሪያ ሪኮልን ለእነሱ ለብቻው ያስሉ፤ ዝቅ ካላለ የሚስተካከል ነገር የለም።

የባንክ ዳታ ተንታኙ፦ በመጨረሻ ከሦስቱ ዘዴዎች፣ ከክብደት፣ ከሪሳምፕሊንግና ከፎካል ሎስ፣ የቱን ልምረጥ? የአንዱ ሪኮል 92፣ የሌላው 90 ነው።

መልስ፦ 98 የተጭበረበሩ ባሉበት ፈተና የሁለት ነጥብ ልዩነት ሁለት ግብይት ማለት ነው። የ92 በመቶ ሪኮል የእርግጠኝነት ወሰኑ ከ85 እስከ 96 ስለሚዘረጋ፣ በዚህ ብቻ አሸናፊ ማወጅ አይቻልም። እኔ የምጀምረው ከሰው አቅም ነው፦ መርማሪዎቻችሁ በቀን 200 ግብይት ማየት ከቻሉ፣ በማረጋገጫ ዳታ ላይ በቀን 200 የሚያወጣውን የመቁረጫ ነጥብ ለሦስቱም ይፈልጉና እዚያ ላይ ሪኮላቸውን ያወዳድሩ።

የባንክ ዳታ ተንታኙ፦ እኛ ጋ ግን ያመለጠ 500 ብርና ያመለጠ 500,000 ብር እኩል አይደሉም።

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ ሪኮል ሁለቱን እኩል ይቆጥራቸዋል። በብር የተመዘነ ሪኮል ማስላት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥቂት ትልልቅ ግብይቶች ቁጥሩን ስለሚያወዛውዙት፣ እኔ ሁለቱንም ጎን ለጎን አቀርባለሁ እንጂ በአንዱ ብቻ አልወስንም።