የሚያብለጨልጭ ጠርሙስ እና ሦስት መብራት

«ጥቁር አረንጓዴ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ፎቶ ሳነሳ መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ይወጣብኛል። ሦስቱን መብራቶች የት የት ላድርጋቸው? በቃል አስረዱኝ።»

ጠርሙሱን እንደ መስታወት ቁጠረው፤ ነጩ ነጥብ የመብራቱ የራሱ መልክ ነው። መብራቱን ብታደበዝዘውም ነጥቡ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ጠርሙሱ «የሚያየውን» ነገር ትልቅና ለስላሳ ማድረግ ነው።

ዋናውን መብራት በስተግራ፣ ከጠርሙሱ ትንሽ ወደ ኋላ አቁመው። በመሃላቸው፣ ከጠርሙሱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ትሬሲንግ ፔፐር፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት፣ ወጥረህ ስቀል። ቁመቱ የጠርሙሱን እጥፍ ይሁን፤ ካጠረ ነጸብራቁ አንገቱ ጋ ሳይደርስ ይቆረጣል። መብራቱ ደግሞ ከወረቀቱ 50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። በጣም ከተጠጋ የወረቀቱ መሃል ብቻ ይበራና ያው ነጥብ ይመለሳል። መብራቱን ወደ ወረቀቱ አንድ ጠርዝ ብታዞረው ጠርሙሱ ላይ የሚታየው የነጸብራቅ መስመር በአንድ በኩል ስል፣ በሌላው ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ይሆናል፤ ለክብ ጠርሙስ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሁለተኛውን በቀኝ በኩል ወዳለ ነጭ ፎም ቦርድ አዙረው እንጂ በቀጥታ ጠርሙሱ ላይ አታብራው። የዋናው ሩብ ጉልበት ይበቃዋል።

ሦስተኛው ለጠርሙሱ ቀለም ነው። ከጠርሙሱ ጠበብ ያለ ነጭ ካርድ ከጀርባው ደብቅና መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገህ ካርዱ ላይ ጣል፤ አረንጓዴው ከውስጥ ይበራል።

አንድ በአንድ እያበራህ በካሜራው እይ። የማታውቀው ነጥብ ከቀረ እጅህን በየመብራቱ ፊት አሳልፍ፤ ነጥቡ የጠፋበት መብራት ጥፋተኛው ነው። በማንኛቸውም ካልጠፋ መስኮቱን ጋርድ፣ የጣሪያውን አምፖል አጥፋ። ፖላራይዘር፣ ማለትም ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ፣ ለመጠቀም አትቸኩል፤ የምትፈልገውን የነጸብራቅ መስመርም አብሮ ሊያጠፋብህ ይችላል።