ለሚያብጥና ለሚላጥ የውጭ ግድግዳ የትኛው ፕራይመር?

«ሐረር ያለው የቤተሰቦቼ ቤት የውጭ ግድግዳ ከሥሩ እስከ ወገብ ድረስ ቀለሙ እያበጠ ይላጣል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርም ያወጣል። ግድግዳው የቆየ የድንጋይ ነው። ቀቢው በስቱኮ ደፍነን ኳርትዝ እንቀባዋለን ይላል። ከሥር የትኛውን ፕራይመር ልግዛ?»

መልሱን በቅድሚያ ልስጥዎ፤ ምንም ፕራይመር አይግዙ። የእርስዎ ግድግዳ ጀጎል ውስጥ በቡዳ በር በኩል ካለው የእናቴ ቤት ግድግዳ ጋር አንድ ዓይነት እንደሆነ ከጽሑፍዎ ተረድቻለሁ፤ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ በኖራ የተለሰነ፣ ከሥሩ ምንም ዓይነት የእርጥበት መከላከያ ያልተደረገለት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ ከመሬት ውሃ ይስባል፤ የሳበውንም በፊቱ በኩል ወደ አየር ያስተነፍሳል። በኖራ ሲቀባ በኖረበት ዘመን ሁሉ ያልተላጠው ኖራ ትነቱን ስለሚያሳልፍ ነው። በላዩ ላይ ፕላስቲክ፣ ዘይት ወይም ኳርትዝ ቀለም ሲቀባ ግን ውሃው መውጫ ያጣል፤ አብሮት የመጣው ጨውም ከቀለሙ ጀርባ እየደረቀና እየጠጠረ ሲሄድ ቀለሙን ከግድግዳው ይፈነቅለዋል። ያዩት ነጭ ዱቄት ይህ ጨው ነው። አጥብቆ የሚይዝ ፕራይመር ቢጨምሩበት ልዩነቱ ቀለሙ ብቻውን ከመላጥ ይልቅ ልስኑን ይዞ መውረዱ ነው።

1. ብሩሽ ከመያዝዎ በፊት ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ ይለዩ። እርጥበቱ በግድግዳው ርዝመት ሁሉ በተቀራራቢ ከፍታ የሚቆም ከሆነ የሚመጣው ከመሬት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ ሜትር ብዙ አያልፍም። ከጣሪያው ጠርዝ ጀምሮ እንደ ምላስ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ የአሸንዳው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቆርቆሮ ሠሪ እንጂ ቀቢ አይጠራም። ከዚያ በኋላ በር ላይ ቆመው የውስጡን ወለልና የውጩን መሬት ያስተያዩ። በእኛ ሰፈር መተላለፊያው በየጊዜው ፍርስራሽና አፈር እየተደፋበት ከፍ ስላለ የውጩ መሬት ከእናቴ ቤት ወለል በላይ ሆኖ ነበር፤ ማለትም ግድግዳው ከእግሩ እስከ ጉልበቱ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይኖር ነበር። አፈሩን ቆፍረን መሬቱን ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አደረግነው፤ ዝናቡም ከግድግዳው እየራቀ እንዲፈስ ተዳፋት ሰጠነው። ጎረቤቶች ቁፋሮው መንገዳቸውን ያበላሸ መስሏቸው ቅር ቢሰኙም፣ ከሠራነው ሥራ ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይኸው አንድ ሳንቲም የቀለም ወጪ የሌለበት ቁፋሮ ነው።

2. ሲሚንቶ ያለበትን ልስን ሁሉ ያንሱ። እዚህ ላይ ዘርዘር ማድረግ ግድ ይለኛል፤ ቤተሰባችን ገንዘቡን ያፈሰሰው በዚሁ ነጥብ ላይ ነውና። እኔ ለሥራ ድሬዳዋ በነበርኩበት ወቅት አጎቴ አንድ ቀቢ ይዞ መጣ። ቀቢው የተሰነጠቀውን የኖራ ልስን እስከ ወገብ ድረስ አፍርሶ በሲሚንቶ ለሰነው፤ በስቱኮ አስተካከለው፤ በላዩም «በጨርቅ የሚታጠብ ነው» ብሎ የዘይት ቀለም ቀባው። እናቴ «ግድግዳው ኖራ ነው የለመደው» ብትል የሰማት አልነበረም። እስከ ክረምቱ ድረስ ግድግዳው እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ግን ከሥር ጀምሮ አበጠ፤ አንዱን እብጠት በጣቴ ብጫነው ውሃ አወጣ። የሲሚንቶውን ልስን በመዶሻ እጀታ ስንመታው ባዶ ድምፅ ሰጠ፤ እርሱ ከጭቃውና ከድንጋዩ ይልቅ ጠንካራ በመሆኑ አብሮ መንቀሳቀስ ተስኖት ለብቻው ተላቆ ቆሞ ነበር። ሌላም የከፋ ነገር ነበረ፤ ከወገብ በታች የታፈነው እርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ ደኅና የነበረውን የኖራ ልስን ማበላሸት ጀምሮ ነበር።

ቀለሙን የሸጠልን ሱቅ ዘንድ የተላጠውን ቁራጭ ይዤ ስሄድ ሻጩ ቁራጩን እንኳ ሳያገላብጥ «ፕራይመር ስላልተቀባ ነው» ብሎ ሌላ ባልዲ ሊሸጥልኝ ሞከረ። ቁራጩን ቢያገላብጠው ኖሮ ጀርባው በጨው እንደ ውርጭ ነጥቶ፣ የልስን ቅርፊትም ተጣብቆበት ያይ ነበር። ይህን እርስዎም ዛሬውኑ ሊፈትሹት ይችላሉ። ከተላጠው ቀለም ጀርባ ልስን ወይም ጨው ተጣብቆ ከመጣ ችግሩ ከግድግዳው ውስጥ ነው። ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ከሥሩ በእጅ የሚራገፍ አሮጌ ኖራ ከቀረ ደግሞ ቀለሙ መጀመሪያውኑ በሚበነው ኖራ ላይ መያዣ አላገኘም ማለት ነው።

3. ስቱኮ። ቀቢዎች በብዛት የሚጠቀሙበት የጂፕሰም ስቱኮ የውስጥ ክፍል ዕቃ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝና ውሃ ሲጠጣም ያብጣል። ቀቢዎ «ይኼኛው የውጭ ነው» ካለዎት አይከራከሩት፤ አንድ እፍኝ አቡክቶ እንዲያደርቅልዎ ይጠይቁትና የደረቀውን ጉብታ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያሳድሩት። ጠዋት በጥፍርዎ የሚፋቅ ከሆነ ውጭ ግድግዳ ላይ ቦታ የለውም። እኛ ስንጥቁንና ጉድጓዱን የሞላነው በዚያው በምንለስንበት ኖራና አሸዋ ነው፤ ጥልቅ የሆነውንም ትንንሽ የድንጋይ ስባሪ እየሰካን ነው።

አሠራሩን በቅደም ተከተል እነግርዎታለሁ። ግድግዳችን ስድስት ሜትር ይረዝማል፤ የእርጥበቱ መስመር 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር። ልስኑን ግን እስከ 1.20 ሜትር አነሣነው፤ ጨው ከሚታየው መስመር በላይም ተደብቆ ስለሚገኝ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ማለፍ ያስፈልጋል። ጨውን በውሃ ማጠብ መልሶ ወደ ውስጥ ማስገባት ስለሆነ በደረቅ ብሩሽ ጠርገን አቧራውን ከግድግዳው ሥር አፍሰን አራቅነው። ከዚያም ግድግዳው ተገልጦ በጋውን ሙሉ እንዲደርቅ ተውነው። ሰው የማይታገሠው ይህንን ነው፤ አጎቴም አልታገሠውም፤ የተገለጠ ግድግዳ ያሳፍራል እያለ በየሳምንቱ ይደውል ነበር።

ለልስኑ አንድ እጅ ኖራና ሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ እንቀላቅላለን። ለእኛ 7.2 ካሬ ሜትር፣ በሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ሁለት ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ኖራ በቅቷል። ኖራው የግንባታ ኖራ መሆኑን ግን ያረጋግጡ፤ ለአሲዳማ መሬት የሚበተነው የእርሻ ኖራ የተፈጨ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ አይጠነክርም። ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉበት በኃይል የሚፈላው የእርሻው ነው፤ የግንባታው እምብዛም አይፈላም። ዱቄቱን ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ ዓይን ስለሚያቃጥል ያለ መነጽርና ያለ ጓንት አይንኩት። ልስኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር እያደረጉ በሁለት ዙር ይለስኑ። ግድግዳውን አስቀድመው ውሃ ያርከፍክፉበት፤ ከለሰኑ በኋላም ፀሐይ እንዳያሯሩጠው እርጥብ ጆንያ ያንጠልጥሉበት። ቶሎ የደረቀ የኖራ ልስን በእጅ ሲታሽ ይበናል።

ቀለሙም ኖራ ነው። እንደ ወተት አቅጥነው፣ ግድግዳውን አርጥበው፣ በየቀኑ አንድ እጅ እያደረጉ እስከ አራት ወይም አምስት እጅ ይቀባሉ። መጀመሪያ ሲቀባ ውሃ መስሎ ስለሚታይ ሰው ያወፍረዋል፤ የወፈረው ግን ይሰነጠቃል። አረንጓዴ ወይም ቀይ ከፈለጉ ኖራ የማይበላው የማዕድን ቀለም ከኖራው ክብደት ከአንድ አሥረኛ ሳያልፍ ይጨመራል። እንዲይዝ ጨው ጨምሩበት የሚል ምክር ቢሰሙ አይቀበሉት፤ ጨው የሚያስቸግረው ግድግዳ ላይ ጨው አይጨመርም።

ቤትዎ ጀጎል ውስጥ ከሆነ ልስን ከማንሣትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ የውጭ ገጽታ እንደፈለጉ የሚነካ ነገር አይደለም። እኔን ያስተናገደችኝ ሠራተኛ «ቀለም ለመቀባት ፎቶ ምን ያደርጋል?» ብላ ከመስኮቱ መልሳኝ፣ በሌላ ቀን ደግሞ ፎቶ አልያዝክም ተብዬ ተመልሻለሁ። እርስዎ ፎቶውን ከመጀመሪያው ይዘው ይሂዱ፤ በኖራ እንደሚሠሩም ማመልከቻው ላይ ይጻፉ። የእኔን ጉዳይ ያቀለለው ያ አንድ መስመር ነው።

ድሬዳዋ ላይ የብሎኬት ቤት ያላችሁ ግን ይህን እንዳለ አትውሰዱት። ብሎኬትና የሲሚንቶ ልስን ከሥሩ ውሃ የማይስብ ከሆነ ኳርትዝ ይችላል፤ አዲሱ ልስን 28 ቀን ያህል ይቆይ፣ ከዚያ የሲሚንቶን አልካሊ የሚቋቋም ፕራይመር ይቀባ። ትኩስ ሲሚንቶ ላይ የዘይት ቀለም ከተቀባ ወደ ሳሙናነት ተለውጦ ይለሰልሳል። በድሬዳዋ ሙቀት ጥላን ተከትሎ መቀባት ያስፈልጋል፤ የምዕራቡን ግድግዳ ጠዋት፣ የምሥራቁን ከሰዓት በኋላ።

ወደ እርስዎ ግድግዳ ልመለስ። በሐረር ከመስከረም መጨረሻ በኋላ አንሥተው ቢያደርቁና ልስኑን ከበልጉ ዝናብ በፊት ቢጨርሱ መልካም ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ጨው መልሶ ይወጣል፤ አይደንግጡ፣ በደረቅ ብሩሽ ጠርገው አንድ እጅ ኖራ ይድገሙት። የእናቴ ግድግዳ ከዚያ ወዲህ ክረምት እየተፈራረቀበት እስካሁን አላበጠም፤ አጎቴ ግን የመጀመሪያው ሥራ የተበላሸው በቀለሙ ጥራት ነው ማለቱን አልተወም። ቀቢዎ ስቱኮውን አስቀድሞ ገዝቶት ከሆነ ለሳሎኑ ይጠቀምበት።