መሃሉ ላይ የሚጠፋ የሬዲዮ ስክሪፕት፦ ጥያቄና መልስ

ከመሐል ሜዳ፦ ጋሼ፣ ስለ መንዝ የሣር ምድር ስለ ጓሳ የ18 ደቂቃ ፕሮግራም ጽፌ ለስድስት ሰው አሰማሁ። አራቱ «አሥረኛው ደቂቃ አካባቢ ጠፋብን» አሉ። የትኛውን ልቁረጥ?

መልስ፦ ገና ምንም አትቁረጥ። አድማጭ ግራ ከተጋባ በኋላም ትንሽ ይታገሣል፤ ስለዚህ ክሩ የተበጠሰው ከጠቆሙህ ቦታ ቀደም ብሎ ነው። ላልሰማ ሰው አሰማና በየሦስት ደቂቃው እያቆምክ «እስካሁን ምን ሰማህ? ቀጥሎስ ምን ትጠብቃለህ?» በለው። «ገባህ ወይ?» ካልከው በይሉኝታ «አዎ» ይልሃል። ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ሲያቅተው ቦታውን አገኘኸው።

የላክኸውን ሳየው ችግሩ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ሕዝቡ ጓሳን ለዓመታት ዘግቶ ለሣር አጨዳ እንዴት እንደሚከፍት እየነገርከን ሳለ፣ በድንገት ወደ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ትዘላለህ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ሣሩን ማን ይጠብቀው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ በመሃል ተረሳ። አዋጁን ከመዝጋቱ ሥርዓት ቀጥሎ አምጣው፤ ነባሩ ጥበቃ የፈረሰው ያኔ ነውና። አውሬዎቹ ከዚያ ይግቡ፦ ጭላዳ ሣር ይበላል፣ ቀይ ቀበሮ ሣሩ ውስጥ የሚኖረውን አይጥ ያድናል፣ ሣሩ ሲራቆት ሁለቱም ይጎዳሉ። በክፍሎቹ መካከል «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ማስገባት ከቻልክ ተያይዘዋል። «ደግሞ» ብቻ የሚገባበትን ቦታ ተጠራጠረው።

ከደብረ ሲና፦ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ወደ 10 ደቂቃ ቢያሳጥረው ማንም አይጠፋበትም።

መልስ፦ የተደጋገመውን ማሳጠር ይጠቅማል። ግን ሰው ሲቆርጥ መጀመሪያ የሚጥለው ማያያዣውን ዓረፍተ ነገር ስለሆነ አጭሩ ይብሳል። አንዳንዴም መጨመር ነው መፍትሔው። ስክሪፕቱ ውስጥ «ሽማግሌው ለሊቀ መንበሩ ሲነግሩት እንዳልተቀበላቸውና በኋላም እንደተጸጸተ ነገሩን» የሚል አለ። አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል፤ አድማጭ ግን ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ ሁሉንም ተሸክሞ ይጠብቃል። እንዲህ በለው፦ «ሽማግሌው ‹ሣሩ ይዘጋ› አሉ። ሊቀ መንበሩ አልተቀበለም። በኋላ ግን ሊቀ መንበሩ ተጸጸተ።» ስሙን መድገም ጽሑፍ ላይ ያሰለቻል፣ ጆሮ ላይ ያሳርፋል።

ከአንኮበር፦ የእኔም አድማጮች ጠፋብን ብለው ነበር፤ የማሲንቆውን ድምፅ ስቀንሰው ተስተካከለ። የእሱም ከጀርባ ሙዚቃው ይሆናል።

መልስ፦ የአንቺ አድማጮች ቃሉ አልተሰማቸውም፤ የእሱ ሰምተው ነው የጠፋባቸው። ለመለየት ያንኑ ክፍል ለአድማጮቹ ያለ ሙዚቃ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው። ያኔም ከጠፋባቸው ጥፋቱ የስክሪፕቱ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ ካስተካከልኩ በኋላ ለእነዚያው ስድስት ሰዎች ላሰማ?

መልስ፦ አይሆንም፣ ታሪኩን ስለሚያውቁት ክፍተቱን ራሳቸው ይሞሉታል። ሌላ ሦስት አራት ሰው ፈልግ።

ከደብረ ሲና፦ መሃሉ ላይ «እስካሁን እንዳየነው» ብሎ ማስታወስስ?

መልስ፦ ሬዲዮ ላይ ዘግይቶ የሚከፍት ስላለ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባለሁ። ስልኩ ላይ ጭኖ ከመጀመሪያው ለሚሰማ ግን ያስፈልጋል የሚሉም አያስፈልግም የሚሉም ባልደረቦች አሉኝ። ሁለቱንም ቅዳና በአዲሶቹ አድማጮች ሞክረው።