የማንጎ መጠጡ ውስጥ ስንት ማንጎ አለ?

«ኮምቦልቻ ከሱቅ የገዛሁት የማንጎ መጠጥ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ወፈርም ይላል። እውነት ፍሬ አለው?»

ወንድሜ፣ ቀለሙን ተወውና ጀርባውን አንብብ። ግብዓት የሚጻፈው በክብደት ከሚበዛው ጀምሮ ነው። «ውሃ፣ ስኳር፣ የማንጎ ፐልፕ» ካለ ማንጎው ከተጨመረው ስኳር አይበልጥም። እንግዲህ የንጥረ ምግብ ሰንጠረዡ ላይ በ100 ሚሊ ሊትር 12 ግራም ስኳር ከተጻፈ፣ ማንጎው ከ12 በመቶ በታች ነው ማለት ነው፤ ከስኳሩ ጥቂቱ የራሱ የማንጎው ነዋ።

ኮዴክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የማንጎ ኔክታር፣ ማለትም በውሃ የቀጠነ የፍሬ መጠጥ፣ ቢያንስ 25 በመቶ ፍሬ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ያንተ እንዲህ ከተጻፈበት ኔክታር ሊባል አይችልም፤ ፊቱ ላይ «ጁስ ድሪንክ» የሚል ፈልግ።

ድምቀቱ ከቤታ ካሮቲን ወይም ኢ110 ከሚባለው ሰው ሠራሽ ቀለም ሊመጣ ይችላል። ውፍረቱም እንደ ደሴ ጁስ ቤት ማንጎ ቢመስልህ አትታለል፤ ዛንታን ጋም (ኢ415) ውሃንም ያወፍራል።