የዜጌ መነኮሳት የት ሄዱ?

ልጆቼ፣

ከሃያ ዓመት በላይ ቱሪስት ይዤ ከባሕር ዳር ወደ ዜጌና ወደ ደሴቶቹ ተመላልሻለሁ። አሁን ጉልበቴ ስለደከመ ጀልባ ላይ የምወጣው አልፎ አልፎ ነው። ሥራ የጀመራችሁ ወጣት አስጎብኚዎች ግን ሐይቁ ዳር ባገኛችሁኝ ቁጥር አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ። «ሻዶዊንግ በየቀኑ እሠራለሁ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እየሰማሁ ከኋላው እየተከተልኩ እናገራለሁ፤ የእንግሊዝኛ አነጋገሬ ግን ያው ነው። ለምን?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት መሰለኝ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ ቆሜ «መነኮሳቱ እዚህ ይኖራሉ» አልኩ፤ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። አንዲት አሮጊት ቱሪስት «ወዴት ነው የሚሄዱት?» አሉኝ። «የትም አይሄዱም» ብዬ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደገምኩላቸው። «እኮ፣ ለምን ይሄዳሉ?» አሉ። ጆሯቸው ከብዷል ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በሦስተኛው ሴትዮዋ አዝነው ዝም አሉ። ገዳሙ ሊዘጋ ነው ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ መኖር «ሊቭ» ነው። ትቶ መሄድም «ሊቭ» ነው። በፊደላችን ለይተን ልንጽፋቸው አንችልም፤ ለእኛ ጆሮ ሁለቱም ያው ኢ ናቸውና። ለፈረንጅ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ለዚህ ደብዳቤ ስል የመኖሩን ሊቭ፣ የመሄዱን ሊይቭ እያልኩ ልጻፍ። እኔ ያን ጊዜ ለሁለቱም የምለው ሊይቭ ነበር።

ብዙዎቻችሁ የምትጨነቁት በሌላ ድምፅ መሆኑን አውቃለሁ። እኛ «ታንክ ዩ» እና «ዚስ» በምንልበት ቦታ ምላስ በጥርስ መሃል እየወጣ የሚነገረው ድምፅ ነው። እሱ እንኳን ቀላሉ ነው። መስታወት ፊት ቆማችሁ የምላሳችሁ ጫፍ ከታየ ይዛችሁታል፣ ካልታየ አልያዛችሁትም። ብትስቱትም አብዛኛውን ጊዜ የምትሉት ይገባል። የሊቭና የሊይቭ ልዩነት ግን አፍ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚሠራው። መስታወት ብዙም አያሳየውም፤ ትርጉም ግን ይገለብጣል።

ይህን የገለጠልኝ «ጣና» ማለት ያቃተው ሰው ነው። አንድ የቋንቋ መምህር ለሁለት ሳምንት እዚህ ተቀምጦ በየቀኑ ከእኔ ጋር ይወጣ ነበር። አማርኛ ጀማሪ ነው። ሐይቁን «ታና» ይለዋል። ግስ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብስበታል። ጠዋት የጀልባችን ካፒቴን ብቅ ሲል «ካፒቴኑ መታ!» ብሎ ይጮኻል። ካፒቴኑም «ማንን መታሁ?» እያለ ይስቅበታል።

ላስተምረው ሞከርኩ። «መጣ» እላለሁ፣ «መታ» ይላል። ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገምን፤ ሃያ ጊዜ መታ። በመጨረሻ አስቆመኝና «ሁለቱን እያቀያየርክ በል፤ እኔ የትኛው እንደሆነ ልገምት» አለኝ። ገመተ፤ ግማሹን ሳተ። «አየህ፣ ጥፋቱ የአፌ ብቻ አይደለም። ጆሮዬ ገና አልለየውም» አለ።

ሁለት ቀን ሙሉ አፉን ዝም አሰኝቶ ጆሮውን ብቻ አሠራ። እኔ እላለሁ፣ እሱ ጣቱን ያነሳል፤ አንድ ለመጣ፣ ሁለት ለመታ። መሳቱ ሲቀንስ ወደ አፍ ተሻገርን። መዳፉን ከንፈሩ ፊት አደረገ። በእሱ አነጋገር ታ ሲል ትንፋሽ መዳፉን ይመታዋል። ጣ ሲል ግን ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሰው ጉሮሮውን ቆልፎ፣ ምላሱን ፈንጠር አድርጎ መልቀቅ አለበት። ያን ጊዜ ሞቅ ያለው ትንፋሽ መዳፍ ላይ አይደርስም። በአራተኛው ቀን «ጣና!» አለ። ካፒቴኑ አጨበጨበለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «አሁን ደግሞ ያንተ መነኮሳት» አለኝ።

ጥያቄያችሁ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሻዶዊንግ ማለት ተናጋሪውን በጆሮ እየሰሙ፣ በጣም ተጠግተው፣ ሳያቋርጡ እግር በእግር እየተከተሉ መናገር ነው። ለዜማው፣ ለፍጥነቱ፣ ቃላት እርስ በርስ ለሚያያዙበት መንገድ ከዚህ የሚሻል ልምምድ አላየሁም። ጆሮ ያልለየውን ድምፅ ግን አይተክልም። ተናጋሪው ሊቭ ይላል፤ ጆሯችሁ ኢ ብሎ ይተረጉመዋል፤ አፋችሁም ሊይቭ ይላል። ድምፃችሁ ከእሱ ጋር ስለሚደራረብ ልዩነቱ አይሰማችሁም። ዜማው እየተሻሻለ ሲሄድ ደስ ይላችኋል፤ ስህተታችሁ ግን በቀን መቶ ጊዜ እየተደገመ ይጠነክራል።

ጆሮ ይሠለጥናል ወይ ለሚል፣ ጃፓኖች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። እነሱ የእንግሊዝኛውን ረ እና ለ መለየት ይቸግራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ጥናት የተለያዩ ሰዎችን ድምፅ እየሰሙ እንዲለዩ፣ ወዲያውም ልክ ነው ወይም አይደለም እየተባሉ እንዲለማመዱ ተደረገ፤ ተሻሻሉም። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ የተገኘው ይበልጥ ይገርማል። መስማት ብቻ የተለማመዱት ሰዎች፣ መናገር ሳይለማመዱ፣ አነጋገራቸውም ተሻሻለ።

እንዴት እንደሚሠራ በአንዲት ልጅ ታሪክ ላሳያችሁ። አምና ሥራ የጀመረች አስጎብኚ ናት። የእኔው በሽታ ነበረባት።

መጀመሪያ ሃያ ካርድ አዘጋጀን፤ አሥሩ ሊቭ፣ አሥሩ ሊይቭ። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አፕ ከፍቼ በወጣው ካርድ መሠረት ድምፁን አጫወትኩላት። አሥራ አንድ አገኘች። ይህ ማለት ምንም አልሰማችም ማለት ነው፤ ሳንቲም ብትወረውርም አሥር ገደማ ታገኛለች። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ሠራን። ስትስት ወዲያው ሁለቱን አከታትዬ አሰማታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ደረሰች። ተደሰትን። ከዚያ የሌላ ተናጋሪ ድምፅ ሳመጣባት አሥራ ሦስት ላይ ወደቀች። ለካ የለመደችው የአንዱን ሰውዬ ድምፅ ነበር። ስለዚህ ወንድም ሴትም፣ አሜሪካዊም እንግሊዛዊም ቀላቀልንበት። በአራተኛው ሳምንት ከማንም ድምፅ አሥራ ስምንት አታጣም ነበር።

ከዚያ አፍ። ኢ ብላችሁ ያዙት። ከንፈር ወደ ጎን ተለጥጧል፣ ምላስ ወደ ላይና ወደ ፊት ወጥሯል። ሊይቭ እዚያ አካባቢ ነው። አሁን ድምፁን ሳታቋርጡ ቀስ እያላችሁ ወደ እ ተንሸራተቱ፤ መንጋጋችሁንም ትንሽ ልቀቁት። እ ላይ ሳትደርሱ መሃል መንገድ ላይ የላላ፣ ወደ ኤ የሚያዘነብል ድምፅ ታገኛላችሁ። የሊቭ ድምፅ እሱ ነው። ከኢም፣ ከእም፣ ከኤም አይደለም፤ ሦስቱ መሃል ነው። ልጅቷ መጀመሪያ አልፋው ሄዳ «ልቭ» ትል ነበር፤ ከዚያ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ብዙ አስተማሪ የሚያሳስተው ነገር አለ። «አንዱ አጭር ነው፣ ሌላው ረጅም ነው» ይባላል። ተማሪው ያንኑ ኢ ቆርጦ ያሳጥረዋል፤ በቃ ያልኩት ልክ ነው ብሎ ያስባል። እርዝመቱ ግን የሚከተለውን ድምፅም ያያል። ከቭ በፊት ያለ አናባቢ ይለጠጣል፤ ከፍ በፊት ያለ ያጥራል። ቅጠል ማለት የሆነው «ሊይፍ» ውስጥ ያለው ረጅም የተባለው ድምፅ፣ ሊቭ ውስጥ ካለው አጭር ከተባለው ጋር በእርዝመት ሊስተካከል ይችላል። የሚለያቸው የምላሱ ቦታ ነው። መወጠርና መላላቱን ያዙ፤ እርዝመቱ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ሻዶዊንግ የገባው በአምስተኛው ሳምንት ነው። ጽሑፉ የተያያዘለት የሠላሳ ሰከንድ ንግግር መረጠች። ያንኑ አንዱን ለሳምንት። ጽሑፉ ላይ የሊቭ ዓይነቱን ድምፅ በሰማያዊ፣ የሊይቭ ዓይነቱን በቀይ አሰመረች። ሦስት ጊዜ ዝም ብላ ሰማች። ሁለት ጊዜ በሹክሹክታ ተከተለች። ከዚያ ጮክ ብላ። ሲፈጥንባት ፍጥነቱን ወደ 0.75 አወረደችው። ኢርፎኑ በአንድ ጆሮ ብቻ ነው፤ ሌላው ጆሮ የራሷን ድምፅ ይስማ። እሱም ስለማይበቃ በሌላ ስልክ ራሷን ትቀዳለች። ሲያልቅ የራሷን ቅጂ ብቻ፣ ያለ ተናጋሪው፣ ሰማያዊ የተሰመረባቸውን ቃላት እየተከተለች ትሰማለች። ሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ሰማያዊው አሥር ቃል ቢሆን ስንቱ ላላ? በመጀመሪያው ቀን አራት። በሳምንቱ መጨረሻ ስምንት።

እየተራመዱ ሻዶዊንግ መሥራት የሚመክር አለ፤ አሌክሳንደር አርጌየስ የሚባለው ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ አሜሪካዊ እንዲያውም ፈጠን ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ጮክ ብሎ ይላል። እኔም ሐይቁ ዳር ሞክሬዋለሁ። ዓሣ አስጋሪዎቹ አበደ ብለው አዘኑልኝ። ለዜማ ጥሩ ነው። አዲስ ድምፅ እየፈለጋችሁ ሳለ ግን ቁጭ በሉ፤ እግራችሁ ሲሮጥ ምላሳችሁ የለመደው ቦታ ይመለሳል።

ማን ይፈትናችሁ? ጓደኛችሁ አይሆንም፣ የእሱም ጆሮ እንደ እናንተው ነው። ልጅቷ እንዲህ ታደርጋለች። አሥር የሊቭና የሊይቭ ዓይነት ቃል ተዘበራርቆ ወረቀት ላይ ትጽፍና ታነባለች፣ ትቀዳለች፣ ወረቀቱን አጥፋ ታስቀምጣለች። በማግስቱ ወረቀቱን ሳታይ ቅጂዋን እየሰማች የትኛው ቃል እንደሆነ ትጽፋለች። ከዚያ ታመሳክራለች። ያለችውን ራሷ ካላወቀችው፣ ቱሪስቱ ከየት ያውቀዋል? ይህ የሚሠራው ግን የጆሮውን ፈተና ካለፋችሁ በኋላ ነው።

አሁን ዑራ ላይ መነኮሳቱ የት እንደሚሄዱ የሚጠይቃት የለም። ጠዋት ጠዋት ማለቴ ነው። ከሰዓት ደክሟት፣ ሞተሩ እየጮኸ ስታወራ አሁንም ኢ ታመልጣታለች። እኔንም ታመልጠኛለች።

ያ መምህር ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ደወለልኝ። አማርኛ ከተናገረ ዓመታት አልፈዋል። ሰላም ተባባልን፤ ስለ ካፒቴኑ ጠየቀኝ። ከዚያ በደስታ ድምፁን ከፍ አድርጎ «በመስከረም እመታለሁ!» አለ።

«ማንን?» አልኩት።