ክሬብስ ሳይክል ሲዘጋ ምን ይጠራቀማል?

«ክሬብስ ሳይክልን ሦስት ጊዜ ሸምድጄ ሦስቴም ጠፋብኝ። ፈተናው ላይ ደግሞ የሚመጣው ኬዝ ነው። እናንተ ስቴፖቹን ከበሽታ ጋር እንዴት አድርጋችሁ ያዛችኋቸው? የሁለተኛ ዓመት ሜዲሲን ተማሪ ነኝ።»

እህቴ፣ እኔም ባንቺ ደረጃ ሳለሁ የያዝኩት ስሞቹን ብቻ ነበር። ነገሩ በእውነት የገባኝ ዋርድ ከገባሁ በኋላ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር አልጋ አጠገብ ቆሜ ነው። ወደ እሷ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ቅደም ተከተሉን እንጨርስ፤ እሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እኔ የምጠቀምባት ዓረፍተ ነገር ይቺ ናት፦ «ሲሳይ አይብ ከቤት ሳያጣ ሳራ ፉል ማታ አዘዘች።» ሲትሬት፣ አይሶሲትሬት፣ ኬቶግሉታሬት፣ ሳክሲናይል ኮኤ፣ ሳክሲኔት፣ ፉማሬት፣ ማሌት፣ ኦክሳሎአሴቴት። ሁለቱ «ሳ» እንዳይምታቱብሽ፣ ኮኤ የተሸከመው ይቀድማል፤ ሸክሙን ሲያወርድ ሳክሲኔት ይሆናል።

ከዚያ ካርቦን ቁጠሪ። ባለ 2 ካርቦኑ አሴቲል ኮኤ ከባለ 4ቱ ኦክሳሎአሴቴት ጋር ሲገናኝ ባለ 6 ሲትሬት ይወጣል። አይሶሲትሬትም 6 ነው። ኬቶግሉታሬት ላይ 5 ይሆናል፤ ሳክሲናይል ኮኤ ላይ 4። ከ6 ወደ 5 እና ከ5 ወደ 4 ሲወርድ በየደረጃው አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ አንድ አንድ ኤንኤዲኤችም ይሠራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ 4 ነው። ቁጥሩን ከያዝሽ ስሙ ቢጠፋብሽ እንኳ የት እንዳለሽ ታውቂያለሽ።

በሽታውን ለማገናኘት እያንዳንዱ ቀስት ላይ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። እዚህ ቢዘጋ ከኋላው ምን ይጠራቀማል? ከፊቱ ምን ይጎድላል? ኢንዛይሙስ ለመሥራት የትኛውን ቫይታሚን ይፈልጋል? ብዙ ጊዜ ኬዙን የሚፈታው ሦስተኛው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ሴትየዋ። እርግዝናዋ 14 ሳምንት ገደማ ነበር። 5 ሳምንት ሙሉ አስታውኳታል፤ የቀመሰችው ምግብ ሆዷ ውስጥ አይቆይም። እኛ ጋር ከመምጣቷ በፊት ሌላ ቦታ ለሁለት ቀን የስኳር ግሉኮስ ተሰጥቷታል። ሰውነቷ ይበረታል ተብሎ ሲጠበቅ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያት ጀመር። ግድግዳ ሳትይዝ መራመድ አቃታት። ቀኑን ስትጠየቅ ትቀላቅላለች። ሲኒየራችን ጣቱን ወደ ጎን ሲያንቀሳቅስ ዓይኖቿ እየተከተሉ ይርገበገቡ ነበር። ወዲያው ሌላ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ታያሚን በደም ሥር እንዲሰጣት አዘዘ። ከዚያ ወደኛ ዞሮ «የቱ ስቴፕ ነው የተዘጋው?» አለን። ማንም አልመለሰም።

መልሱ ከ5 ወደ 4 የምትወርጂበት ቀስት ነው። እዚያ ያለው አልፋ ኬቶግሉታሬት ዲሃይድሮጅኔዝ ያለ ታያሚን፣ ማለትም ያለ ቫይታሚን ቢ 1፣ አይሠራም። ከሳይክሉ በር ላይ የቆመው ፓይሩቬት ዲሃይድሮጅኔዝም እንደዚያው ነው። ሁለቱ ኢንዛይሞች በአሠራራቸው መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሚፈልጓቸው ረዳቶችም አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ቢ 1 ሲያልቅ በሩም ይዘጋል፣ ውስጡም ይዘጋል።

ሰውነታችን የሚያስቀምጠው ታያሚን ትንሽ ነው፤ 30 ሚሊግራም ገደማ። ካልተተካ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቢያቆይ ነው። እሷ 5 ሳምንት አስታውካለች። እንዲህ ባዶ በሆነ ሰውነት ላይ ስኳር ሲገባ ግላይኮሊሲስ ሥራውን ይቀጥላል፤ ፓይሩቬት ይሠራል። በሩ ዝግ ስለሆነ ፓይሩቬቱ ወደ ላክቴት ይዞራል። የተረፈችው ጥቂት ታያሚንም በዚያው ታልቃለች። ከፊት የሚጎድለው ደግሞ ኤቲፒ ነው።

ለምን አንጎል ቀድሞ ተጎዳ? አንጎል በዋናነት የሚኖረው በግሉኮስ ነው። ቶሎ የሚጎዱት ደግሞ ብዙ ጉልበት የሚያቃጥሉት የመሃል ክፍሎቹ ናቸው። የዓይን እንቅስቃሴን የሚመሩት ማዕከሎች እዚያው አካባቢ ስላሉ ዓይን ይርገበገባል፣ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። ሴሬቤለም ሲነካ እርምጃ ይዛባል። ይህ ዌርኒኬ ኤንሴፋሎፓቲ ነው። እያንዳንዱን ምልክት ከተዘጋው ቀስት ጋር አገናኝተሽ ካየሽው በኋላ ያን ስቴፕ መርሳት አትችይም።

ፈተና ላይም ዋርድ ላይም የሚያሳስት ነገር አለ። ግራ መጋባት፣ የዓይን ችግርና የእርምጃ መዛባት ሦስቱም አብረው የሚገኙት ጥቂት ሕመምተኞች ላይ ብቻ ነው። አንዱ ብቻ ሊኖር ይችላል። የደም ታያሚን ውጤት እየጠበቁ መዘግየትም ልክ አይደለም፤ ከተጠረጠረ ይሰጣል። በሌላ በኩል ስኳሩ እጅግ የወረደበትን ሰው «ታያሚን እስኪመጣ» ብለሽ ግሉኮስ አትከለክይም። አብረው ይሰጣሉ።

ሴትየዋ በማግስቱ የዓይኗ መርገብገብ ቀነሰ። እርምጃዋ ግን ሳምንታት ፈጀ። አንዳንድ ሰው ላይ የማስታወስ ችግር እስከ መጨረሻው ይቀራል፤ ለዚህ ነው ሰዓቱ የሚያስጨንቀው።

ሁለተኛው እንድትይዥ የምፈልገው የመጀመሪያው ቀስት ነው፣ ሲትሬት የሚሠራበት። እዚህ ላይ ኢንዛይሙ ጤነኛ ሆኖ ሥራ ሊቆም ይችላል። ኢንሱሊን የሌለው የስኳር ሕመምተኛ አስቢ። ጉበቱ ስኳር ለመሥራት ኦክሳሎአሴቴትን ከሳይክሉ እየመዘዘ ያወጣል። ስብ ደግሞ እየተሰባበረ አሴቲል ኮኤ በገፍ ይመጣል። ባለ 2 ካርቦኑ ሞልቷል፣ ባለ 4 ካርቦኑ አጋሩ ግን የለም። የተጠራቀመው አሴቲል ኮኤ ወደ ኬቶን ይዞራል። ያ ነው ኬቶአሲዶሲስ፤ ትንፋሹ የሚሸተውም አሴቶን ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የሽንት ስትሪፑ የሚያነበው አሴቶአሴቴትን ነው። በብዛት ያለው ግን ቤታ ሃይድሮክሲቢዩታይሬት ስለሆነ፣ ስትሪፑ ከእውነታው ያነሰ ሊያሳይ ይችላል።

የቀሩትን በአጭሩ። ሳክሲኔት ዲሃይድሮጅኔዝ ወይም ፉማሬዝ በዘር በሚወረስ ሚውቴሽን ሲበላሹ ሳክሲኔትና ፉማሬት ይጠራቀማሉ። ሴሉ ኦክስጅን እያለው ኦክስጅን ያጣ ይመስለዋል፤ ይህም ለዕጢ በር ይከፍታል። ሳክሲኔት ካየሽ ፓራጋንግሊዮማን፣ ፉማሬት ካየሽ የኩላሊት ካንሰርን አስቢ። አይሶሲትሬት ዲሃይድሮጅኔዝ ግን ለየት ይላል። ግሊዮማ ላይ የሚገኘው ሚውቴሽን ኢንዛይሙን አዲስ ሥራ ያስይዘዋል፤ 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት የሚባል ነገር ያመርታል። እዚህ ላይ «ምን ተዘጋ» ሳይሆን «ምን አዲስ ተሠራ» ብለሽ ጠይቂ።

ለልምምድ ባዶ ወረቀት ላይ ሳይክሉን በቁጥር ብቻ ሳይው፦ 6፣ 6፣ 5፣ 4፣ 4፣ 4፣ 4፣ 4። ከዚያ አንድ ቀስት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጊና ሕመምተኛው ምን እያለ እንደሚመጣ በራስሽ አማርኛ ጻፊ። እኔ ከ5 ወደ 4 ያለው ቀስት ላይ ኤክስ ሳደርግ እስከ ዛሬ የምጽፈው «ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው» ብዬ ነው።