ለማስተርስ ሲለቁ የሚጻፍ ደብዳቤ፦ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጥያቄዎች

ክረምቱ ገባ፣ የመልቀቂያ ጥያቄም በዛ። የዛሬዎቹ ጠያቂዎች በሙሉ ዲኤዎች ናቸው፣ ሁሉም በግብርና ኢኮኖሚክስ ማስተርስ ሊቀጥሉ ያሰቡ።

«በሰብል ልማት ባለሙያነት ስሠራ ቆይቼ አሁን ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ። ደብዳቤው ላይ ደመወዙን፣ ያልተሰጠኝን እድገት፣ ከግብርና ውጪ የሚታዘዝብንን ሥራ ሁሉ ልጻፈው ወይስ ዝም ልበል?» (ከምሥራቅ ጎጃም)

ዝም በል። የሆድህን ለጓደኛህ ንገረው። ደብዳቤው የግል ማህደርህ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ነገ የሥራ ልምድ ልታጽፍ ስትመጣ ማህደሩን የምታወጣው ልጅ መጀመሪያ የምታነበው እሱን ነው። ደግሞ ቅሬታ ካለበት «እንነጋገርበት» የሚል ሰው አይጠፋም፣ አንተ የምትፈልገው ግን ውይይት ሳይሆን መልቀቂያ ነው። ለደብዳቤው ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ የምትለቅበት ቀን፣ ምክንያቱ በአንድ መስመር፣ ርክክቡ።

> ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም
>
> ለ……… ወረዳ ግብርና ጽ/ቤት
>
> ጉዳዩ፦ ሥራ በፈቃዴ መልቀቄን ስለማሳወቅ
>
> በ……… ቀበሌ በሰብል ልማት ባለሙያነት እየሠራሁ እገኛለሁ። በ……… ዩኒቨርሲቲ በግብርና ኢኮኖሚክስ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ለመከታተል ተቀባይነት ስላገኘሁ ከሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ሥራዬን በፈቃዴ የምለቅ መሆኑን በአንድ ወር ቅድመ ማስታወቂያ አሳውቃለሁ። በእጄ ያለውን ንብረትና መዝገብ የሚረከበኝ ሠራተኛ እንዲመደብልኝ፣ ርክክቡ ሲጠናቀቅም የመልቀቂያና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ስም፣ ፊርማ)
>
> ግልባጭ፦ ለቀበሌው ግብርና ጽ/ቤት

«እንዲፈቀድልኝ» የሚል ቃል እንዳልገባበት ልብ በል። ሥራ መልቀቅን ታሳውቃለህ እንጂ አታስፈቅድም። የቅበላ ደብዳቤህን ኮፒ አባሪ አድርግ። ከዚያ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ጥለህ አትሂድ፤ መዝገብ ቤት አስገባና በራስህ ኮፒ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመታበት። ወሩ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። ያ ኮፒ ከሌለህ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ሲሉህ የምትመልሰው የለህም።

«ኃላፊዬ የማዳበሪያ ሥርጭቱ ሳያልቅ የትም አትሄድም አለኝ። ሊያስቀረኝ ይችላል? ምዝገባዬ ጥቅምት 3 ነው።» (ከሰሜን ሸዋ)

ሊያስቀርህ አይችልም፣ ሊያዘገይህ ግን ይችላል። በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የነበረው አሠራር እንዲህ ነው፦ ሠራተኛው የአንድ ወር ማስታወቂያ ይሰጣል፣ ቶሎ የማይተካ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ካመለከተበት ቀን አንስቶ እስከ ሦስት ወር ድረስ ሊያቆየው ይችላል። አንተ የክልል ሠራተኛ ስለሆንክ የሚገዛህ የክልልህ አዋጅ ነው፤ የመልቀቂያ አንቀጹን ሰው ሀብት ሄደህ በዓይንህ እየው።

ሰኔና ሐምሌ ዲኤ «የማይተካ» የሚሆንባቸው ወራት ናቸው። (ጥር ላይ ብትለቅ ማንም ዘወር ብሎ አያይህም።) ስለዚህ የከፋውን አስበህ ቁጠር። ደብዳቤህ ሰኔ 25 መዝገብ ቤት ከገባ፣ ሦስት ወር ሙሉ ቢያቆዩህ እንኳ መስከረም 25 ላይ ያልቃል፣ ለምዝገባው ትደርሳለህ። ሐምሌ 20 ካስገባህ ግን ጥቅምት 20 ድረስ ሊይዙህ ነው፣ ምዝገባው አለፈህ። ጳጉሜ መሐል ስለምትገባ «30 ቀን ነው ወይስ ወር?» የሚል ጭቅጭቅም ይነሳል፤ ለዚህ ነው የመጨረሻውን ቀን በቀን ቆርጠህ ጻፍ የምለው።

የቅበላ ደብዳቤህ ዘግይቶ መስከረም ላይ ቢመጣስ? ሳይመጣ አትልቀቅ፣ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ብቻውን ቅበላ አይደለም። ሲመጣ ይዘኸው ሂድና ከወሩ ባጠረ ጊዜ እንዲለቁህ ተነጋገር፣ ያልተጠቀምክበት የዓመት ፈቃድ ካለህም እሱን አንሳ። ከተስማሙ በጽሑፍ ይስጡህ። «ሂድ ግድ የለም» በቃል ተብሎ የወጣ ሰው በኋላ ማህደሩ ላይ «ከሥራ የጠፋ» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል።

«ርክክብ ስትሉ ምን ምኑን ነው? ሞተር ሳይክሌ ከቆመ ቆይቷል፣ መዝገቦቹም ዝብርቅርቅ ናቸው።» (ከደቡብ ወሎ)

ብዙ ሰው የሚታሰረው እዚህ ላይ ነው እህቴ፣ ክሊራንሱ ላይ አንድ ፊርማ ከጎደለ መልቀቂያ የለም። ከንብረት ክፍል ጀምሪ። በስምሽ በሞዴል 22 ወጪ የሆነውን ሁሉ አስፈትሺ፤ ሞተር፣ ሄልሜት፣ ሜትር፣ መርጫ፣ አንዳንዴ አንቺ የረሳሽው ወንበር ሁሉ ይገኛል። ስትመልሺ የገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን፣ ሳትቀበይ አትውጪ። የቆመው ሞተር መቆሙ ችግር አይደለም፣ ችግሩ በጽሑፍ አለመታወቁ ነው። አሁኑኑ ብልሽቱን የሚገልጽ ማስታወሻ ጽፈሽ ቴክኒክ የሚያውቅ ሰው እንዲያየው ጠይቂ፣ አለበለዚያ የጎደለው ዕቃ ሁሉ ባንቺ ይቆጠራል።

ከዕቃው የሚከብደው ግብዓቱ ነው። በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ሥርጭት ላይ እጅሽ ካለበት የሦስቱ ቁጥር መገጣጠም አለበት፦ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የወጣው ኩንታል፣ አርሶ አደሮቹ የፈረሙበት ዝርዝር፣ መጋዘን የቀረው። ለምሳሌ 120 ኩንታል ዩሪያ ወጥቶ የተፈረመበት 113 ከሆነ፣ 7ቱ መጋዘን መታየት አለበት። ካልታየ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሚጠየቅ ሌላ ሰው የለም። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ፊርማ እንጂ ማዳበሪያ አይደለም፤ ጎረቤት የወሰደለት፣ «ነገ እፈርማለሁ» ያለ ሰው ይኖራል። ቤት ለቤት ዞረሽ ከመልቀቅሽ በፊት አስፈርሚ። በቃለ ጉባኤ አስረክቢ፣ ሦስት ኮፒ ይሁን፣ አንዱ ያንቺ። የማሰልጠኛ ማዕከሉ የሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ ምን እንደተዘራ፣ መቼ እንደተዘራ፣ ምን ያህል ማዳበሪያ እንደገባበትም አንድ ገጽ ጻፊ። ይህን ማንም አያስገድድሽም፣ የሚተካሽ ልጅ ግን ያመሰግንሻል።

«ዲግሪዬን የያዝኩት በክረምት ፕሮግራም መሥሪያ ቤቱ ከፍሎልኝ ነው። የአገልግሎት ግዴታዬ አላለቀም።» (ከጉራጌ)

እንግዲያው ከደብዳቤው በፊት ውሉን አውጣ። ግዴታ ያለበት ሰው የወጣበትን ወጪ ሳይከፍል ክሊራንስ አያገኝም፣ ዋስ የሆነልህም ሰው ይጠየቃል። ቀሪው ጊዜ ወደ ብር ሲለወጥ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ አስሰላ፣ ያገለገልከው ጊዜ ተቀናንሶ መሆኑን ተመልከት። ሌላው መንገድ ሳትለቅ የትምህርት ፈቃድ መጠየቅ ነው። ከተፈቀደልህ የምትፈርመው አዲስ ግዴታ አሮጌው ላይ ይደረባል፣ ተመልሰህ እዚያው ወረዳ ለመሥራት ካላሰብክ ባትነካው ይሻላል።

«የቀበሌውን አርሶ አደሮች ዝርዝርና የምርት መረጃ በፍላሽ ይዤ ብሄድ ለቴሲሴ አይጠቅመኝም?» (ስሜ ይቅር)

አትያዝ። የሰው ስም፣ መሬትና ብድር ያለበት መዝገብ የጽ/ቤቱ ነው። በዚያ ላይ ያን ያህል አይጠቅምህም፤ የምርት ቁጥሩ ከእቅድ ጋር እንዲገጥም ተጠጋግቶ የተሞላ መሆኑን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፣ በእሱ ላይ ሪግሬሽን ብትሠራ የምታገኘው የሪፖርት አጻጻፋችንን ነው። የሚጠቅምህ የአባወራና የእማወራ ስም ዝርዝሩ ብቻ ነው፣ ናሙና የምታወጣበት። እሱን ደግሞ አማካሪህ ርዕስህን ካጸደቀልህ በኋላ ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዘህ ስትመጣ ወረዳው ይሰጥሃል። ከተቻለ ግን ራስህ ያልሠራህበትን ቀበሌ ምረጥ፤ ትናንት ማዳበሪያ ያከፋፈላቸው ሰው «ስንት ኩንታል አገኛችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ አርሶ አደሩ የሚመልሰው ለዲኤው ነው፣ ለተመራማሪው አይደለም።